የኮሮላዬ ካታሊስት፦ ከP0420 እስከ ሶማሌ ተራ

ጥቅምት 3

ቼክ ኢንጅኗ በራች። መኪናዋን ከገዛሁ ገና አሥራ ሁለት ቀኔ ነው። በፈረንጅ 2003 የተሠራች ኮሮላ ናት፣ የአውሮፓ ስሪት፣ 1.4 ሊትር ቤንዚን። ስገዛት ዳሽቦርዱ ላይ አንድም መብራት አልነበረም። ለካ ደላላው ኮምፒውተሯ የመዘገበውን የብልሽት ኮድ አጥፍቶ ነው ያሳየኝ።

ስካነር ገዛሁ፣ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የሚሠራውን፣ 2,500 ብር። ሰክቼ ሳነበው ይህን አወጣ፦

```
P0420
Catalyst System Efficiency Below Threshold (Bank 1)
```

ነገሩ ካታሊስቱ ሥራውን በቅጡ እየሠራ አይደለም ነው። ካታሊስት ስል ማርሚታው መንገድ ላይ፣ ለሞተሩ ቀረብ ብሎ ያለውን ያበጠ ቆርቆሮ ማለቴ ነው። ሥራው ምን እንደሆነ እስከዛሬ ጠይቄ አላውቅም። "ጭስ የሚያጣራ ነገር" ነበር የሚመስለኝ።

ጥቅምት 5

ማጣሪያ አይደለም። ሁለት ቀን ሳነብ ያመሸሁት ለዚህ ነው።

ማጣሪያ ቆሻሻውን ይዞ ያስቀራል። ካታሊስት ግን የሚያስቀረው ነገር የለም። ጋዝ ገብቶ ሌላ ጋዝ ሆኖ ይወጣል። ውስጡ እንደ ማር እንጀራ የተበሳሳ ሴራሚክ አለ። የቀዳዳዎቹ ግድግዳ ላይ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም የሚባሉ ውድ ማዕድናት በስሱ ተቀብተዋል። ማዕድናቱ አያልቁም፣ አይቃጠሉም። ጋዞቹን ያገናኛሉ እንጂ መጨረሻ ላይ ራሳቸው አይለወጡም።

ከቤንዚን ሞተር ከሚወጣው ውስጥ ሦስቱን ነው የሚለውጠው። አንደኛው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፣ ሽታ የሌለው፣ ዝግ ጋራዥ ውስጥ ሰው የሚገድለው። ሁለተኛው ሳይቃጠል ያመለጠ ነዳጅ ነው፣ በወጉ ሃይድሮካርቦን፣ ባጭሩ HC የሚባለው። ሁለቱም የጎደላቸው ኦክስጅን ነው። ኦክስጅን ሲያገኙ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ይሆናሉ።

```
2CO + O2 → 2CO2
```

ሦስተኛው የናይትሮጅን ኦክሳይዶች ናቸው። የእነሱ ችግር ተቃራኒው ነው፣ ኦክስጅን በዝቶባቸዋል። ሲሊንደሩ ውስጥ እሳቱ በጣም ሲግል፣ ከአየር የገባው ናይትሮጅን በሌላ ጊዜ የማይነካውን ኦክስጅን ይይዛል። ኦክስጅኑን የሚያስለቅቀው ሮዲየሙ ነው። የሚቀረው ተራ ናይትሮጅን ነው፣ አሁን የምንተነፍሰው።

```
2NO + 2CO → N2 + 2CO2
```

እዚህ ላይ ቆም አልኩ። አንድ ቆርቆሮ ውስጥ፣ በአንድ ጊዜ፣ ለሁለቱ ኦክስጅን እየሰጡ ከሦስተኛው መንጠቅ እንዴት ይቻላል? የሚቻለው ሞተሩ አየርና ነዳጁን በልኩ ከደባለቀ ብቻ ነው። ልኩ በክብደት ወደ 14.7 አየር ለ1 ነዳጅ ነው። ትንሽ አየር ሲበዛ የናይትሮጅን ኦክሳይዱ ሳይነካ ያልፋል። ትንሽ ነዳጅ ሲበዛ ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ያመልጣል።

ከካታሊስቱ በፊት የተገጠመው የኦክስጅን ሴንሰር ልኩን ይጠብቃል። ኮምፒውተሩ እሱን እያየ ነዳጁን ጨመር ቀነስ፣ ጨመር ቀነስ ሲያደርግ ይውላል። ይህን መወዛወዝ የሚያቻችለው ሴራሚኩ ላይ ያለው ሴሪየም የሚባል ማዕድን ነው። እንደ ጓዳ አስቡት። ኦክስጅን ሲተርፍ ያስቀምጣል፣ ሲጠፋ ያወጣል።

ከካታሊስቱ በኋላ ያለው ሁለተኛው ሴንሰር የሚያየው ይህን ጓዳ ነው። ጓዳው ደህና ከሆነ የፊተኛው ሲወዛወዝ የኋለኛው ረጋ ብሎ 0.6 ወይም 0.7 ቮልት አካባቢ ይቀመጣል። የእኔን አሙቄ በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳልሰጥ፣ ሳነበው፣ B1S1 የፊተኛው፣ B1S2 የኋለኛው ነው፦

```
B1S1: 0.12 V ... 0.86 V
B1S2: 0.15 V ... 0.79 V
```

የኋለኛው የፊተኛውን እየተከተለ ይጨፍራል። ጓዳው ባዶ ነው፣ ወይም ሌላ ነገር እንዲያ እያስመሰለው ነው።

ጥቅምት 9

ሰፈራችን፣ አራት ኪሎ፣ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ መካኒክ አሉ። እጃቸው ወርቅ ነው። ኮዱን ነገርኳቸው።

"አንቺ ልጅ፣ ይሄ ነገር ተዘግቷል። ቆርጬ ውስጡን ላራግፍልሽና ልበይደው። ጉልበትም ትጨምራለች።"

"ጋሼ፣ መዘጋቱን በምን አወቁ?"

የቫኪዩም ጌጃቸውን አምጥተው አየር ወደ ሞተሩ ከሚገባበት ከኢንቴኩ ጋር አገናኙት። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ 12 ኢንች ሜርኩሪ አነበበ። ጌጁ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ጤነኛ ሞተር ከ17 እስከ 21 ማንበብ አለበት ይላል። "ይኸው" አሉኝ። እኔም አመንኩ። ሊያራግፉት ቀጠሮ ሁሉ ይዤ ነበር።

ማታ ስካነሩን ይዤ ስቀመጥ አንድ ቁጥር ዓይኔን ያዘው። ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሳ የኢንቴኩ ግፊት 77 ኪሎፓስካል ይላል። ባሕር ጠለል ላይ ቢሆን 101 ነበር የሚለው። እኛ ያለነው ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ላይ ነው። አየሩ ራሱ ስስ ነው። ልዩነቱ በጌጁ ቋንቋ 7 ኢንች ያህል ይሆናል። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ የጤነኛ ሞተር ንባብ ከ10 እስከ 14 ነው። 12 ደህና ነው ማለት ነው! ወረቀቱ የተጻፈው ለሌላ አገር ነው።

በማግስቱ ጋሼን ለምኜ ደገምነው። መዘጋትን የሚያሳየው የሚኒሞው ቁጥር ሳይሆን ቀጥሎ የሚሆነው ነው። ሞተሩን 2,500 ዙር ላይ አድርሶ መያዝ። ቱቦው ከተዘጋ ጭሱ መውጫ ያጣና መርፌው ቀስ በቀስ ሲወርድ ይታያል። የእኔ ወረደ፣ ተመለሰ፣ ረጋ። አልተዘጋም።

ጋሼ ጌጁን እየጠቀለሉ "ታዲያ እስከዛሬ ስንቱን አራገፍኩት" አሉ። ስቀው ነው ያሉት፣ ግን ደጋግመው አሉት።

ጥቅምት 12 እና 13

ካታሊስቱን ከመኮነኔ በፊት የማርሚታ መተንፈስ ማየት ነበረብኝ። ከሴንሰሮቹ አካባቢ ስንጥቅ ካለ የውጭ አየር ይገባል። የኋለኛው ሴንሰር ያን ኦክስጅን አይቶ ካታሊስቱን በሐሰት ይከሳል።

አፈላለጉ ርካሽ ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ የማርሚታውን ጫፍ በጨርቅ ጠቅልዬ የጎረቤቴን ቫኪዩም ክሊነር በሚነፋው በኩል ሰካሁ። ከዚያ መጋጠሚያዎቹ ላይ የሳሙና ውሃ ረጨሁ። የፊተኛው ቱቦ መጋጠሚያ ላይ አረፋው ቡልቅ ቡልቅ አለ። በመጋጠሚያው መሃል የሚገባው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ተበልቷል።

አዲስ ጓርኒሲዮን 1,200 ብር። ሥራው የአንድ ሰዓት ነበር፣ እኔ ግን ሁለት ቀን ፈጀሁበት። ቡሎኖቹ ዝገው ከብረቱ ጋር አንድ ሆነዋል። ዘይት ረጭቼ ማሳደር ሲገባኝ በቁልፉ ላይ ቱቦ ጨምሬ ታገልኩ። ቀጭ! አንዱ አንገቱ ላይ ተሰበረ። እሱን በስቶ ለማውጣትና አዲስ ለመግጠም 1,500 ብር ከፈልኩ። ሌሎቹን ዘይት አጠጥቼ አሳደርኳቸው፣ ጠዋት በእሳት ሞቅ ሲደረጉ ያለ ትግል ተፈቱ።

አንድ ነገር ላይ ብቻ ከጋሼ ጋር ተከራከርን። ጓርኒሲዮኑ ላይ ሲሊኮን ሊቀቡ ነበር፣ "እንዳትተነፍስ"። እንቢ አልኩ። ተራ ሲሊኮን ሲግል የሚለቀው ትነት ሴንሰሩንም ካታሊስቱንም ይሸፍናቸዋል። ደረቁን ገጠምነው።

ኮዱን አጠፋሁ።

ጥቅምት 24

አሥር ቀን መብራት የለም። ለጓደኞቼ ሁሉ "ጓርኒሲዮን ነው፣ 1,200 ብር ብቻ" እያልኩ ስደሰኩር ነበር።

ተሳስቻለሁ። መኪናዋ ድናለች ሳይሆን ፈተናውን አልወሰደችም። ኮድ ሲጠፋ ኮምፒውተሩ ካታሊስቱን እንደገና መፈተን አለበት። ለመፈተን ደግሞ ሞተሩ ሞቆ፣ መኪናዋ በተመሳሳይ ፍጥነት ለተወሰነ ደቂቃ መሄድ ይኖርባታል። የእኔ መንገድ ከአራት ኪሎ በፒያሳ፣ ቸርችልን ወርዶ፣ በለገሃር አድርጎ ሜክሲኮ ነው። ያውም በሥራ መግቢያ ሰዓት። ተመሳሳይ ፍጥነት ቢኖር ዜሮ ነው። ስካነሩ ላይ የካታሊስት ፈተና መስመር "Incomplete" እንዳለ ነበር፣ እኔ ነኝ ያላየሁት።

ቅዳሜ ወደ አዳማ በፈጣን መንገዱ ወጣሁ። በ80 ረጋ ብዬ ነዳሁ። ስሄድ ፈተናው "Complete" አለ፣ መብራቱ ግን አልበራም። ኮዱ በሁለት ጉዞ ተከታትሎ ካልታየ አይበራም። ስመለስ ቱሉ ዲምቱ ሳልደርስ በራ።

ጥቅምት 27

መገመት ሰለቸኝ። ለቦሎ ዓመታዊ ምርመራ የሚሠራ አንድ ቦታ የማውቀው ልጅ አለ። ከሥራ በኋላ የጭስ መለኪያውን ሊያስጠቅመኝ ተስማማ። ክፍያው ማኪያቶ ነው።

ሞተሩ በደንብ ሞቆ፣ መመጠጫው ማርሚታው ውስጥ ገብቶ፣ በሚኒሞ፦

```
CO   0.74 %
HC   210 ppm
CO2  14.4 %
O2   0.8 %
λ    1.01
```

መጀመሪያ ያየሁት λን ነው። ይህ የአየርና የነዳጁ ልክ ነው፣ 1 ማለት ልክ በልክ። ስለዚህ ሞተሩ አደባለቁን አልሳተም። ድብልቁ ልክ ሆኖ ሳለ ግን ካርቦን ሞኖክሳይድና ኦክስጅን ጎን ለጎን ወጥተዋል። ሁለቱ ካታሊስቱ ውስጥ መገናኘት ነበረባቸው። ሳይተዋወቁ አልፈዋል።

ለማነጻጸር ያህል፣ በአውሮፓ ከ2002 ወዲህ ለተሠሩ የቤንዚን መኪኖች በምርመራ የሚፈቀደው በሚኒሞ 0.3 በመቶ CO ነው፣ ዙሩ ከፍ ሲል 0.2። የእኔ ከእጥፍ በላይ ነው።

መለኪያው የናይትሮጅን ኦክሳይዶችን አያሳይም። ልጁን ስጠይቀው "ቆማ ብትለካትም ብዙ አታገኚም" አለኝ። እውነቱን ነው። እነሱ የሚበዙት ሞተሩ ሸክም ሲይዝና እሳቱ ሲግል ነው። ቸርችልን ከታች ወደ ፒያሳ አራት ሰው ጭኜ ስወጣ እንጂ ቆሜ አይደለም። ከሦስቱ አንዱን በቁጥር ሳላየው ነው ይህን ሥራ የምጨርሰው።

ኅዳር 2

ካታሊስቱን አወረድነው። ቡሎኖቹ አሁን ጨዋ ሆነዋል።

በባትሪ መብራት ውስጡን አየሁት። አልቀለጠም፣ አልተሰበረም። በጎማ መዶሻ ስመታው አይንቀጫቀጭም። ብርሃኑ በቀዳዳዎቹ አልፎ ወዲያ ማዶ ይታያል። ችግሩ ፊቱ ላይ ነው። በሞተሩ በኩል ያለው ገጽ አመድማ፣ ወደ ነጭ የሚሄድ ቅርፊት ለብሷል። በጥፍሬ ፋቅኩት፣ አልለቅ አለ። በመውጫው በኩል ግን ጤናማ ቡናማ ነው።

ጋሼ ቅርፊቱን አይተው የጠየቁኝ ስለ ካታሊስቱ አይደለም። "ዘይት በስንት ጊዜው ትጨምሪያለሽ?"

በየ1,000 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሊትር ገደማ። የሸጠኝ ሰው "ኮሮላ ትንሽ ትጠጣለች" ብሎኝ ነበር።

መልሱ እሱ ነው። የሞተር ዘይት ውስጥ ብረት እንዳይፋጭ የሚጨመር ፎስፈረስና ዚንክ አለ። ዘይቱ ሲሊንደር ውስጥ ሲቃጠል እነሱ አይቃጠሉም። ከጭሱ ጋር ሄደው ማዕድኑ ላይ እንደ መስታወት ይለጠፋሉ። ጋዙ በላያቸው ያልፋል እንጂ ማዕድኑን አይነካም። ድሮ ቤንዚን ውስጥ የነበረው እርሳስም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፣ በጣም ፈጥኖ። አሜሪካኖች ከ1975 ሞዴል ጀምሮ መኪኖቻቸው ላይ ካታሊስት ሲገጥሙ እርሳስ የሌለው ቤንዚን አብሮ ማቅረብ ግድ የሆነባቸው ለዚህ ነው።

የእኔዋ ኮሮላ በተሠራችበት ጊዜ አካባቢ የወጡ፣ እሷም ያላት ዓይነት የቶዮታ ዜድዜድ ሞተሮች ደግሞ ዘይት በመጠጣት የታወቁ ናቸው። ፒስቶኑ ላይ ዘይት ወደ ታች የሚመለስባቸው ቀዳዳዎች ጠባብ ናቸው። በካርቦን ሲደፈኑ ዘይቱ ወደ ላይ ቀርቶ ይቃጠላል። ቶዮታ በኋላ ፒስቶኑን ቀይሮታል።

ስለዚህ ካታሊስቱ በሽተኛው እንጂ በሽታው አይደለም። አዲስ ብገጥምላት እሱንም ትመርዘዋለች።

ኅዳር 3 እስከ 5

ከማሳለፌ በፊት አንድ ሞኝነት ልጻፍ። ኢንተርኔት ላይ "በሲትሪክ አሲድ ይታጠባል" የሚል አየሁ። ባልዲ፣ ሙቅ ውሃ፣ 600 ብር የሲትሪክ አሲድ ዱቄት። አንድ ሌሊት ዘፍዝፌ፣ አጥቤ፣ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ አድርቄ መልሼ ገጠምኩ። ግቢው ውስጥ ያላዩኝ የሉም። አከራዬ "ልጄ፣ ድስት ነው?" ብለው ጠይቀውኛል።

ለካሁት። CO ከ0.74 ወደ 0.71። ይህ ለውጥ አይደለም፣ መለኪያው ራሱ የሚወዛወዝበት ነው። ቅርፊቱ እንዳለ ነው።

ኅዳር 8 እስከ 17

ሞተሩ ተከፈተ። የዘይት መመለሻ ቀዳዳዎቹ ጥቁር ድድር። በኋላ የወጣው ዓይነት ፒስቶን ፋሻ ከሚባሉት ቀለበቶቹ ጋር፣ የቴስታ ጓርኒሲዮን፣ ዘይትና ፊልትሮ፣ የእጅ ዋጋ፣ ድምሩ 74,000 ብር። የዚህ ፕሮጀክት ትልቁ ወጪ ካታሊስት ያልሆነ ነገር ላይ መሆኑ እስካሁን ይቆጨኛል። ሌላ የሚጻፍ የለውም፣ ሥራው የጋሼ ነው፣ እኔ መብራት ስይዝ ነበር።

አዲሱን ካታሊስት ወዲያው አልገጥምም። አዲስ ፋሻ ከሲሊንደሩ ጋር እስኪላመድ መጀመሪያ ላይ ዘይት ያሳልፋል። ያን ዘይት አሮጌው ይዋጠው። 1,000 ኪሎ ሜትር እጠብቃለሁ። በከተማ መንገዴ ወራት ይፈጃል፣ ስለዚህ በቅዳሜና እሑድ አዳማ አክስቴ ጋ ልመላለስ ነው። አክስቴ ደስ ብሏታል፣ ምክንያቱን አልነገርኳትም።

ኅዳር 29

ሶማሌ ተራ። አዲስ ኦሪጅናል ካታሊስት ከአቅሜ በላይ ነው። ርካሹ አዲስ ደግሞ ማዕድኑ የሳሳ ነው ይባላልና ፈራሁ። ያገለገለ ኦሪጅናል ልፈልግ ወሰንኩ።

መጀመሪያ ሱቅ ያለው ልጅ "ንጹሕ የአውሮፓ" ብሎ 22,000 ጠራ። አነሳሁት። ቀለለኝ። በባትሪ ሳየው የማር እንጀራ የለም፣ የባዶ ቆርቆሮው ወለል ፊት ለፊት ያበራል። ውስጡ ተራግፎ ተሽጧል። ማዕድኑ ለብቻው ገበያ አለው። ልጁን "ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ባዶ ነው" ስለው "ድምፁ ግን ኦሪጅናል ነው" አለኝ። መልስ አጣሁለት።

ሁለተኛው ቦታ አንዱ ፊቱ ቀልጦ ቀዳዳዎቹ ተገጣጥመው ነበር። ያ መኪና ለረጅም ጊዜ አንድ ካንዴላው ሳይተኩስ የተነዳ ይመስለኛል። ያልተቃጠለ ነዳጅ እንዳለ ካታሊስቱ ውስጥ ገብቶ እዚያ ሲነድ ሴራሚኩን እስከ መቅለጥ ያደርሰዋል። ቼክ ኢንጅን ዝም ብላ ስትበራና ብልጭ ድርግም ስትል ልዩነቱ ይህ ነው። ብልጭ ድርግም ካለች ነዳጅ መስጫውን ቀለል አድርጎ ቶሎ መቆም ነው።

ሦስተኛው ቦታ ተገኘ። ከተጋጨ መኪና የወጣ፣ ቆርቆሮው ላይ የተቀረጸው ቁጥር ከእኔው ጋር አንድ፣ ፊቱ በሁለቱም በኩል ቡናማ፣ ቀዳዳዎቹ ሁሉ ቀጥ ያሉ። 28,000 ብር፣ ካልሠራ በሳምንት ውስጥ እንደሚመልስልኝ ተስማምተን። ሻጩ አሮጌውን በ9,000 ልግዛሽ አለኝ። ቆይ እስኪ አልኩት።

ታኅሣሥ 15

1,040 ኪሎ ሜትር ሞላ። የቀነሰው ዘይት በዲፕስቲኩ ላይ ጥቂት ነው። ካታሊስቱን ቀየርን። አዲስ ጓርኒሲዮን፣ ሲሊኮን የለም። ሴንሰሮቹ የድሮዎቹ ናቸው።

መኪናዋን ምርመራ ቦታው ማታ አሳደርኳት፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ቀዝቃዛ ሆና እንድለካት። ይህን ማየት የፈለግኩት ካታሊስት ሳይሞቅ ምንም አይሠራም ስለሚባል ነው። ከ250 እስከ 300 ዲግሪ አካባቢ ካልደረሰ ጋዞቹ ምላሽ አይጀምሩም።

ተነሳች። የመጀመሪያው ደቂቃ ላይ CO 2.6 በመቶ፣ HC 580። ጭሱ ዓይን ያቃጥላል። ሁለተኛው ደቂቃ ላይም ብዙ አልተለወጠም። ሦስተኛው ሊገባ ሲል ቁጥሮቹ ቀስ ብለው አልወረዱም፣ ወደቁ። 1.4፣ 0.5፣ 0.1፣ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ። ልጁም እኔም ዝም ብለን ስክሪኑን እናያለን። ከካታሊስቱ መውጫ ያለውን ቱቦ በሙቀት መለኪያ ስመታው 270 ዲግሪ አለ።

በደንብ ከሞቀች በኋላ በሚኒሞ፦

```
CO   0.05 %
HC   22 ppm
CO2  15.2 %
O2   0.3 %
λ    1.01
```

ከጥቅምቱ ጋር ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። CO በ0.69 ወርዷል። CO2 በ0.8 ወጥቷል። ቀሪዋ ልዩነት ከነዳጁ ትራፊ የመጣችው ናት። ኦክስጅኑ የቀነሰውም ለእነሱ ተከፍሎ ነው። λ ንቅንቅ አላለም፣ ካታሊስቱ ያለውን አገናኘ እንጂ የጨመረውም የቀነሰውም የለም። ካርቦኑም የትም አልሄደም። መርዙ ሄደ፣ የአየር ንብረቱ ጣጣ ግን እንዳለ ነው። ካታሊስት ካርቦን ዳይኦክሳይድን አይነካም፣ እንዲያውም የሚጨርሰው እሱ ላይ ነው።

የኋለኛው ሴንሰር፦

```
B1S1: 0.11 V ... 0.87 V
B1S2: 0.64 V ... 0.70 V
```

ጓዳው ሞልቷል።

ታኅሣሥ 17

አንድ ነገር አልወጣልኝም። ከቤት እስከ ሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ነው። ማታም እንዲሁ። በሁለቱም ጊዜ ቀዝቃዛ ነው የማስነሳት። ሦስቱን የመጀመሪያ ደቂቃዎች የማሳልፈው ግቢው በር ላይ ቆሜ ሞተር "ሳሞቅ" ነበር፣ የአከራዬ መስኮት ሥር። በሚኒሞ ጭሱ ደካማ ስለሆነ ካታሊስቱ ለመሞቅ የበለጠ ይዘገያል። ዛሬ አስነስቼ ወዲያው፣ ለስለስ አድርጌ ወጣሁ። ከግቢው ሳልርቅ፣ ፒያሳ ሳልደርስ፣ የኋለኛው ሴንሰር ረጋ።

ታኅሣሥ 22

አዳማ ደርሼ ተመለስኩ፣ ሁለት ጊዜ። ፈተናው ሁለቱንም ጊዜ "Complete"፣ ኮድ የለም። የዚህ ዙር ዘይት ከ1,000 ኪሎ ሜትር ወደ 100 ሚሊ ሊትር ቢሆን ነው።

ወጪውን ደመርኩት፦ ስካነር 2,500፣ ጓርኒሲዮን ሁለት ጊዜ 2,400፣ የተሰበረው ቡሎን 1,500፣ የሲትሪክ አሲድ ቀልድ 600፣ ሞተር 74,000፣ ካታሊስት 28,000። በጠቅላላው 109,000 ብር። ጋሼ ሊያራግፉበት የጠሩልኝ 2,000 ብር ነበር።

አሮጌውን አልሸጥኩትም። ጋሼ ጠረጴዛቸው ላይ አድርገውታል፣ ነጩ ፊት ወደ ውጭ። ዛሬ ቪትዝ ይዞ የመጣ ልጅ "ይራገፍልኝ" ሲላቸው ሰማሁ። ጌጁን እያወጡ "ዘይት በስንት ጊዜው ትጨምራለህ?" አሉት።